ስምንት ዓመት አስጎብኝቶ ለሂሳብ ሥራ የሚቀርብ ሰው አንዲቱን ደቂቃ እንዴት ይጠቀምባት?

«በባሕር ዳር ለስምንት ዓመት አስጎብኚ ሆኜ እንግዶችን ወደ ዘጌ፣ ወደ ጣና ደሴቶች ገዳማትና ወደ ጢስ ዓባይ ስወስድ ኖሬአለሁ። እንግዳ ሲጠፋ ሁለት ዓመት ማታ ማታ ሂሳብ ተምሬ የደረጃ 4 ሲኦሲ አልፌአለሁ፤ አሁን በአጎቴ ሱቅ ሂሳብ እያገዝኩ ነው። ለረዳት ሂሳብ ሠራተኛነት ሁለት ጊዜ ቃለ መጠይቅ ቀርቤ ሁለቱም ጊዜ ‹ከአንድ ደቂቃ ባልበለጠ ራስህን አስተዋውቅ፤ ሙያ ለምን እንደቀየርክም ንገረን› ተባልኩ። ‹የተወለድኩት ዘጌ ነው› ብዬ እጀምርና ሂሳብ የሚለው ቃል ላይ ሳልደርስ ጊዜው ያልቃል። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ የግንባታ ዕቃ አከፋፋይ ድርጅት ጠርቶኛል። ምን ብዬ ልጀምር?»

ጠያቂ፣ ከባሕር ዳር

ውድ ጠያቂያችን፣

ጡረታ እስክወጣ ድረስ በሰው ኃይል አስተዳደር ሥራ ላይ ስለነበርኩ፣ እርስዎ በሚቀርቡበት ዓይነት ጠረጴዛ ማዶ ተቀምጬ ብዙ ሰው አድምጫለሁ። ስለዚህ መልሴን የምጀምረው በዚያች ደቂቃ ውስጥ በጠያቂዎቹ በኩል ከሚሆነው ነገር ነው። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የእርስዎን የሥራ ታሪክ በእርጋታ የሚያነቡት እርስዎ ሲናገሩ ነው፤ አንድ ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ፣ ሌላው እርስዎ ላይ ነው። ወረቀቱ ላይ «አስጎብኚ» የሚል ቃል ስምንት ዓመት ይዞ ሲያዩ፣ በልባቸው «ይህ ሰው እኛ ዘንድ ምን ሊሠራ መጣ?» ይላሉ። ይህ ጥያቄ እስኪመለስላቸው ድረስ ስለ ቀድሞው ሙያዎ የሚናገሩት ማንኛውም ነገር፣ ጥሩም ቢሆን፣ የዚያኛው ቤት ሰው መሆንዎን የሚያረጋግጥ ሆኖ ይሰማቸዋል። ስለ ዘጌው የኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ሥዕሎች አሳምረው በተናገሩ ቁጥር «ምነው አስጎብኚነቱን በቀጠለ» ያሰኛል። በዚያው ሙያ የቆየ ሰው ታሪኩን ከልጅነቱ ቢጀምር ብዙ አይጎዳም፤ ምክንያቱም ታሪኩ የሚያደርሰው ወደሚጠበቀው ቦታ ነው። ሙያ የቀየረ ሰው ግን መድረሻውን አስቀድሞ ካልተናገረ አድማጩ በተሳሳተ መንገድ ይሄድበታል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርዎ ዛሬ ምን እንደሆኑ የሚናገር፣ «ሂሳብ» የሚለውም ቃል በመጀመሪያዎቹ አሥር ሰከንዶች ውስጥ የሚሰማ መሆን አለበት። ይህን ለማድረግ የሚያስቸግረን አንደኛው ነገር የአማርኛችን አወቃቀር ነው። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ አንድ ሰው ሕይወቱን በአንድ ትንፋሽ ልናገር ሲል እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ይወጣዋል፦ «ተወልጄ ያደግሁት ዘጌ ሆኖ፣ ትምህርቴን ለመከታተል ወደ ባሕር ዳር መጥቼ፣ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ስለምወድ በአስጎብኚነት ተሰማርቼ፣ ለስምንት ዓመት ያህል ካገለገልኩ በኋላ የእንግዳው ቁጥር እየቀነሰ ስለመጣ፣ ሌላ አማራጭ ማየት እንዳለብኝ ተረድቼ፣ በማታው ክፍለ ጊዜ ሂሳብ ተማርኩ።» በወረቀት ላይ ይህ ጥሩ አማርኛ ነው። ዋናው ቃል ግን የመጨረሻው ቃል ነው፤ አድማጩ እስከዚያ ድረስ ወዴት እንደሚሄዱ አያውቅም፤ በመካከል ቢያቋርጥዎት ደግሞ በእጁ የሚቀርለት ዘጌና እንግሊዝኛ ብቻ ነው። በሁለቱ ቃለ መጠይቆች የደረሰብዎት ይህ ይመስለኛል። «ሆኖ»፣ «መጥቼ»፣ «ተሰማርቼ» የሚሉትን ማያያዣዎች በአራት ነጥብ ይቁረጧቸው፤ አጭር ዓረፍተ ነገር ግሡን ቶሎ ያደርሳል። የትውልድ ቦታዎ በዚህ ደቂቃ ውስጥ ምንም ሥራ ስለሌለው ይቅር፤ ከፈለጉ ወረቀቱ ላይ ያገኙታል።

ቀጥሎ የሚመጣው አሮጌውንና አዲሱን ሙያ የሚያገናኘው ማስረጃ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ከአስጎብኚነት ምን እንዳገኘ ሲጠየቅ «ከሰው ጋር ተግባቢ ነኝ፣ ታጋሽ ነኝ፣ ቋንቋ አውቃለሁ» ይላል። እነዚህ ባሕርያት መልካም ናቸው፤ ነገር ግን ነርስም፣ መምህርም፣ ነጋዴም የሚላቸው ስለሆኑ የሂሳብ ክፍል ኃላፊ ብዕሩን አያነሣላቸውም። የሚፈለገው በቀድሞው ሥራ ውስጥ ሳሉ ያከናወኑት፣ ከአዲሱ ሥራ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ተግባር ነው። እርስዎ ደግሞ ይህ ተግባር አለዎት፤ በደብዳቤዎ ግን አንድም ቦታ አላነሡትም።

አስጎብኚ ቡድን ይዞ ወደ ዘጌ ሲሻገር ከአስጎብኚ ድርጅቱ ቅድሚያ ገንዘብ ይዞ ይወጣል። ለጀልባው ይከፍላል፤ የገዳማቱን መግቢያ በየቤተ ክርስቲያኑ ለየብቻ ይከፍልና ለየብቻ ደረሰኝ ይቀበላል፤ የእንግዶቹንና የጀልባ ነጂውን ምሳ ይከፍላል፤ ማታ ወደ ከተማ ሲመለስ ደረሰኞቹን አያይዞ፣ ቀሪውን ገንዘብ ቆጥሮ ያወራርዳል። ይህ በሂሳብ ክፍል ቋንቋ ቅድሚያ ክፍያ መቀበልና ማወራረድ ይባላል፤ ረዳት የሂሳብ ሠራተኛም ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ አሁን ጠረጴዛው ማዶ ሆኖ የሌሎችን ማወራረጃ መቀበሉ ነው። ከዚህም ውስጥ እጅግ የሚጠቅመው ክፍል ደረሰኝ ያልተገኘለት ወጪ ነው። መንገድ ላይ ሻንጣ ለተሸከመ ልጅ ወይም ለአካባቢ መሪ የከፈሉት ገንዘብ ደረሰኝ የለውም። ያን ጊዜ ምን አደረጉ? ስሙን፣ ቀኑንና የገንዘቡን መጠን በወረቀት ጽፈው ተቀባዩን አስፈርመው ከነበረ፣ በትምህርት ቤት ከመማርዎ በፊት የወጪ ማረጋገጫ ሰነድ ምን ማለት እንደሆነ ያውቁ ነበር ማለት ነው። ከኪስዎ ሸፍነው ዝም ብለው ከነበረ ግን ይህን አይጥቀሱት፤ በማወራረዱ ብቻ ይቁሙ። በዚህ ደቂቃ ውስጥ ያልሆነ ነገር ማስገባት የለብዎትም፤ የሂሳብ ሰው ጥርጣሬው የሚቀሰቀሰው በትንሿ ነገር ነው።

ሁለተኛው የዘለሉት ነገር የአጎትዎ ሱቅ ነው። «ሂሳብ እያገዝኩ ነው» የሚለው አባባል ሥራውን ይደብቀዋል፤ ጠያቂው የሚሰማው ሥራ ፈትቶ ዘመድ ቤት የሚውል ሰው ነው። እዚያ በትክክል ምን ይሠራሉ? የዕለቱን ሽያጭ ይመዘግባሉ? የዱቤ መዝገቡን ይይዛሉ? ባንክ የገባውን ገንዘብ ከባንኩ መግለጫ ጋር ያመሳክራሉ? ከእነዚህ የሚሠሩትን ብቻ በየስማቸው ይጥሯቸው፤ «አግዛለሁ» በማለት ፋንታ «እመዘግባለሁ»፣ «እይዛለሁ»፣ «አመሳክራለሁ» ይበሉ። መዝገቡ የወረቀት ከሆነ የወረቀት ነው ይበሉ፤ ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ከሆነ ያንን ይንገሩ፤ ፒችትሪን በክፍል ውስጥ ብቻ ተምረው ከሆነ ግን በሱቁ ውስጥ እንደሚጠቀሙበት አድርገው አያቅርቡት። የሱቁ ባለቤት አጎትዎ መሆኑን በደቂቃዋ ውስጥ መናገር ግዴታ አይደለም፤ ከተጠየቁ ግን ሳያፍሩ ይናገሩት።

አሁን ወደ ከባዱ ቦታ ደረስን፤ ይኸውም ለምን እንደቀየሩ ነው። እውነቱ የእንግዳ መጥፋት መሆኑን ባሕር ዳር ያለ ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው መደበቅ አያስፈልግም፤ ቢደብቁትም እውነተኛ አይመስሉም። ነገር ግን ምክንያቱ ይህ ብቻ ሆኖ ከቀረበ፣ ጠያቂዎቹ አፍ አውጥተው የማይጠይቁት አንድ ሥጋት ይፈጠራል፦ ጥምቀት ሲደርስ፣ ጀልባው ሁሉ እንግዳ ሲሞላ፣ ይህ ሰው ጥሎን አይሄድም? አንድ የሂሳብ ሠራተኛ በወር መዝጊያ ላይ ትቶ ሲሄድ ምን እንደሚፈጠር የሚያውቅ ኃላፊ ይህን ሥጋት በቀላሉ አይተወውም። እኔም በዚያ ወንበር ላይ ሳለሁ እንዲህ ያለ ሥጋት ስላደረብኝ ብቻ የተውኳቸው ሰዎች አሉ፤ አንዳንዶቹን ጠይቄ ቢሆን ኖሮ መልስ እንደነበራቸው በኋላ ተረድቻለሁ። ሥጋቱን «አልመለስም» በሚል መሐላ ማስወገድ አይቻልም። የሚቻለው የከፈሉትን ዋጋ በማሳየት ነው። ሁለት ዓመት ማታ ማታ መማር ለጊዜያዊ መጠለያ የሚከፈል ዋጋ አይደለም። ስለዚህ በአንድ ዓረፍተ ነገር የእንግዳውን መቀነስ ይናገሩ፣ ከሥሩ ወዲያውኑ ከብዙ አማራጮች ሂሳብን ለምን እንደመረጡ ይናገሩ፣ ከዚያም ሁለቱን ዓመት ያስከትሉ። ሦስቱ ተያይዘው ካልመጡ የመጀመሪያው ብቻውን ይጎዳዎታል።

እንግዲህ እስካሁን ያልኩትን በአንድ ላይ ሳደርገው እንዲህ ይሆናል። ከእርስዎ እውነት ጋር የማይገጥመውን ቃል ይለውጡ፦

«ጤና ይስጥልኝ። እገሌ እባላለሁ፤ በሂሳብ ሥራ የደረጃ 4 ብቃት ምዘና ያለፍኩ ነኝ፤ አሁን የአንድ ሱቅ የሽያጭ፣ የዱቤና የባንክ መዝገብ እይዛለሁ። ከዚያ በፊት ስምንት ዓመት በጣና አስጎብኚ ነበርኩ። በየጉዞው ቅድሚያ ገንዘብ ተቀብዬ የጀልባና የመግቢያ ወጪ እከፍልና ማታ በደረሰኝ አወራርድ ነበር። የጎብኚ ቁጥር ሲቀንስ ሌላ ሥራ መፈለግ ነበረብኝ፤ የመረጥኩት ግን ከሥራዬ ውስጥ አስቀድሜ የምወደውን የሂሳቡን ክፍል ነው። ለዚህም ሁለት ዓመት ማታ ማታ ተማርኩ። እናንተ የምትፈልጉት በየቀኑ የሚገባውንና የሚወጣውን ደረሰኝ ከመዝገብ ጋር የሚያመሳክር ሰው እንደሆነ ከማስታወቂያው ተረድቻለሁ፤ እኔም መሥራት የምፈልገው ይህንኑ ነው።»

ይህ 80 ቃል ገደማ ነው፤ ሳይቸኩሉ ቢናገሩት ደቂቃው ሳይሞላ ያልቃል። ቀሪውን ጥቂት ሰከንድ ለመሙላት አይሞክሩ። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር እንደጨረሱ ዝም ይበሉ፤ ዝምታው ሲከብድዎት «እንግዲህ ይህን ይመስላል» ብለው ቢቀጥሉ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ያልተዘጋጁበት ንግግር ነው። በመግቢያው ላይም «በመጀመሪያ ይህንን ዕድል ስለሰጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ» የሚለውን አላስገባሁም። ጨዋነት ስለማልወድ አይደለም፤ ምስጋናው ሲወጡ ቢነገር ቦታው ነው፣ እዚህ ግን ከደቂቃዋ ላይ ብዙ ይወስዳል።

አንድ የቋንቋ ልማዳችንን ደግሞ ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ። እኛ ራሳችንን ከፍ ከፍ ላለማድረግ ስንል ብቻችንን የሠራነውን ሥራ «ሠርተናል»፣ «እናወራርድ ነበር» እያልን እንናገራለን፤ ይህ ከትሕትና የመጣ ያማረ ልማድ ነው። በዚህ ጠረጴዛ ላይ ግን ገንዘቡን የያዘው እርስዎ ይሁኑ ወይስ የጉዞው መሪ ሌላ ሰው፣ ጠያቂው ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ «አወራርድ ነበር» ይበሉ። ይህ ትዕቢት አይደለም፤ ኃላፊነቱ የማን እንደነበረ መናገር ነው። በዚያው ልክ «ልምድ እንኳ ብዙም የለኝም፣ ግን» ብለው አይጀምሩ፤ «ግን» ከመምጣቱ በፊት ጠያቂው የመጀመሪያውን ግማሽ ጽፎታል።

በደቂቃዋ ውስጥ የሚጠሩት እያንዳንዱ ተግባር ጥያቄ ይጠራል፤ በዚህ ዓይነት ንግግር የሚፈለገውም ይኸው ነው፤ ጠያቂዎቹ ስለ ዘጌ ሳይሆን ስለ ሂሳብ እንዲጠይቁዎት ያደርጋል። ነገር ግን «የባንክ መዝገብ እይዛለሁ» ካሉ በኋላ «የሱቁ መዝገብና የባንኩ መግለጫ በወሩ መጨረሻ ለምን ይለያያሉ?» ቢባሉ ሳይንተባተቡ መመለስ ይገባዎታል፦ ተጽፎ የተሰጠ ግን ተቀባዩ ገና ያልመነዘረው ቼክ ይኖራል፤ በወሩ የመጨረሻ ቀን ገቢ የተደረገና ባንኩ ገና ያልመዘገበው ገንዘብ ይኖራል፤ ባንኩ የቆረጠውና እኛ ያልመዘገብነው የአገልግሎት ክፍያ ይኖራል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጊዜ ሲደርስ ራሳቸው ይስተካከላሉ፤ ሦስተኛውን ግን በራሳችን መዝገብ ላይ መመዝገብ አለብን። ይህን መመለስ ካልቻሉ «የባንክ» የሚለውን ቃል ከንግግርዎ ያውጡት፤ በሽያጭና በዱቤ መዝገብ ብቻ ቢቀርቡ ይሻላል። ስለ ማወራረዱም እንዲሁ፣ «ጉድለት አጋጥሞህ ያውቃል?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። አጋጥሞዎት ከነበረ አንዱን ቀን ይምረጡ፤ ምን ያህል እንደጎደለ፣ እንዴት እንዳገኙት ወይም እንዴት እንደተተካ በሦስት ዓረፍተ ነገር ያዘጋጁ። «በጭራሽ አጋጥሞኝ አያውቅም» የሚል መልስ ስምንት ዓመት ጥሬ ገንዘብ ከያዘ ሰው ሲመጣ ብዙም አይታመንም።

ይህች ደቂቃ የማትችለውንም ልንገርዎ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለሚወጣ ክፍት የሥራ ቦታ «አግባብ ያለው የሥራ ልምድ» በዓመት ተቆጥሮ ከተጠየቀ፣ የአስጎብኚነት ዓመታትዎ በሂሳብ ልምድነት ይያዙልኛል ብለው አይጠብቁ፤ ምንም ያህል አሳምረው ቢናገሩ በሰነድ የሚጣራውን ንግግር አይለውጠውም። እንዲህ ባለው ማስታወቂያ ላይ ልምድ የማይጠይቀውን መደብ ይምረጡ። የግል ድርጅት ግን በዚህ ረገድ ሰፋ ያለ ነጻነት አለው፤ ወደዚህኛው መቅረብዎ ትክክል ነው። ከአጎትዎም ለሠሩበት ጊዜ ቀንና የሥራ ዝርዝር ያለበት ደብዳቤ ይጠይቁ፤ ሱቁ የንግድ ፈቃድና ማኅተም ካለው ደብዳቤው ከፍ ያለ ዋጋ ይኖረዋል።

ጠያቂዎቹ በመካከል ወደ እንግሊዝኛ ቢዞሩ እርስዎን የሚያሰጋ ነገር የለም፤ ይልቁንም በዚህ ከብዙዎቹ ተወዳዳሪዎች ሳይሻሉ አይቀሩም። ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ አለ፦ በእንግሊዝኛ ሲናገሩ ለስምንት ዓመት የለመዱት የአስጎብኚ ድምፅ ሊመጣብዎት ይችላል፤ የተሟሸ፣ ታሪክ የሚተርክ፣ እንግዳን የሚያስደስት ድምፅ ነው። ስለዚህ የእንግሊዝኛውንም ቅጂ እንደ አማርኛው በአጫጭር ዓረፍተ ነገር አስቀድመው ይጻፉት፤ ቃል በቃል አይተርጉሙት፣ ቅደም ተከተሉን ብቻ ይጠብቁ።

እስከ ቃለ መጠይቁ ባሉት ቀናት ንግግሩን በስልክዎ ቀድተው ሰዓቱን ይዩ። ሃምሳ አምስት ሰከንድ ካለፈ የጀልባውን ዓረፍተ ነገር ሳይሆን ስለ ማስታወቂያው የሚናገረውን መጨረሻ ያሳጥሩ፤ «ግማሽ ደቂቃ ብቻ» ቢሉዎት ደግሞ ከስምዎ ቀጥሎ የሱቁን መዝገብ፣ ማወራረዱንና ሁለቱን የማታ ዓመታት ብቻ ይያዙ። ከዚያም ቅጂውን ሙያዎን ለማያውቅ አንድ ሰው ያሰሙትና ስለ ንግግሩ ማማር ሳይሆን «ይህ ሰው ምን ሥራ የሚፈልግ ይመስልሃል?» ብለው ይጠይቁት። ሳያመነታ «ሂሳብ» ካለ ይበቃል። «አስጎብኚ» ካለ ወይም ካመነታ፣ ስለ ጣና የሚናገሩትን ቃላት በጣትዎ ይቁጠሩና ከሂሳብ ቃላቱ እስኪያንሱ ድረስ ይቀንሱ፤ ከዚያ እንደገና ለሌላ ሰው ያሰሙት።